(18, 6) ለምን ኮርነር ፖይንት አልሆነም? የሸማኔው ጥያቄና ፊዚብል ሪጅኑ

ተፈታኝ_12

ሰላም ለሁላችሁም። ከወርክሺት ላይ ያለ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ከመልስ ቁልፉ ጋር አልገጥም ብሎኛል። ጥያቄው ይኸው፦

አንድ ሸማኔ ነጠላና ጋቢ ይሠራል። አንድ ነጠላ ግማሽ ኪሎ ክርና 1 ቀን ይፈጃል፤ አንድ ጋቢ ደግሞ 1.5 ኪሎ ክርና 1.5 ቀን። በወሩ ያለው ክር 18 ኪሎ፣ የሥራ ቀኑ 24 ነው። ነጠላ ከ18 በላይ ገዢ የለውም። 2 ጋቢ አስቀድሞ ስለታዘዘ የግድ ይሠራል። ከአንድ ነጠላ 200 ብር፣ ከአንድ ጋቢ 500 ብር ያተርፋል። ትልቁን ትርፍ የሚያገኘው ከየዓይነቱ ስንት ቢሠራ ነው?

ነጠላውን x፣ ጋቢውን y ብዬ የክሩንና የቀኑን ገደብ በ2 አባዛሁት፤ ነጥብ ያለበት ቁጥር እንዳይኖር ነው።

```
x + 3y <= 36
2x + 3y <= 48
x <= 18
y >= 2
x >= 0
```

የመጀመሪያው የክር፣ ሁለተኛው የቀን ነው። ግራፉን ስሠራ የክሩ መስመር y አክሲስን 12 ላይ ቆረጠ፣ የቀኑ 16 ላይ። ስለዚህ የቀኑ መስመር ከላይ ነው፣ ክልሉን አይነካም ብዬ ተውኩት። ኮርነር ፖይንቶቼ (0, 2)፣ (18, 2)፣ (18, 6) እና (0, 12) ሆኑ። ትልቁ ትርፍ (18, 6) ላይ 6600 ብር ወጣ። መልስ ቁልፉ 6400 ይላል። ሦስቴ ሠራሁት፣ ሦስቴም 6600 ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሰባራ_ማስመሪያ

እህቴ፣ በግራፍ አትድከሚ፤ ግራፍ ያታልላል። መስመሮቹን ሁለት ሁለት እያደረግሽ ፍቺያቸው፤ ኔጌቲቭ የወጣውን ጣይ፤ የቀረው ሁሉ ኮርነር ፖይንት ነው። እኔ ስሠራው ዘጠኝ ነጥብ አገኘሁ፦ (12, 8)፣ (18, 6)፣ (30, 2)፣ (0, 12)፣ (18, 4)፣ (21, 2)፣ (0, 16)፣ (18, 2)፣ (0, 2)። አንዱም ኔጌቲቭ የለበትም። ትልቁ ትርፍ (0, 16) ላይ ነው፣ 8000 ብር። መልስ ቁልፉም አንቺም ተሳስታችኋል።

ጠመኔ

ሰባራ፣ ከመልስህ ግማሹ ጥሩ ነው። አምስት መስመር አሥር ጥንድ ያወጣል፤ x = 18 እና x = 0 ትይዩ ስለሆኑ አይገናኙም፤ ዘጠኝ ይቀራል። ዘጠኙንም በትክክል ፈትተሃቸዋል። የሳትከው ማጣሪያው ላይ ነው። "ኔጌቲቭ አይሁን" ማለት x >= 0 ን ብቻ መጠየቅ ነው። የቀሩት አራት ገደቦች ሳይጠየቁ ቀሩ።

16 ጋቢህን ሸማኔው ዘንድ ይዘህ ሂድ። ለአንዱ 1.5 ኪሎ ክር ያስፈልጋል፣ ለ16ቱ 24 ኪሎ። እሱ ያለው 18 ኪሎ ነው። 8000 ብሩ ከሌለ ክር የተሠራ ትርፍ ነው።

ተፈታኝ፣ ያንቺውንም እንደዚሁ እንየው። 18 ነጠላና 6 ጋቢ ክሩን አሟጦ ይጨርሳል፤ 9 ኪሎ ለነጠላው፣ 9 ኪሎ ለጋቢው፣ ልክ 18። ቀኑን ስንቆጥር ግን 18 ቀን ለነጠላው፣ 9 ቀን ለጋቢው፣ 27 ቀን ሆነ። ሦስት ቀን ጎደለው። (18, 6) የሁለት መስመር መገናኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቀኑን ገደብ ስለሚጥስ ከክልሉ ውጪ ነው።

አሁን የቀኑን መስመር የተውሽበት ምክንያት ላይ እንቆይ፤ ስሕተቱ የተወለደው እዚያ ነው። y አክሲስ ላይ፣ ማለትም x = 0 ሲሆን፣ የክሩ መስመር 12 ላይ፣ የቀኑ 16 ላይ ነው ብለሻል። ልክ ነው። ነገር ግን ሁለት መስመር አንድ ቦታ ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነ ማለት ሁሉም ቦታ እንደዚያው ይቀጥላል ማለት አይደለም። ወደ x = 18 ሂጂና ጠይቂያቸው። የክሩ መስመር 18 + 3y = 36 ይላል፣ y = 6። የቀኑ 36 + 3y = 48 ይላል፣ y = 4። በግራ በኩል ከታች የነበረው የክር መስመር በቀኝ በኩል ከላይ ሆነ። ቅደም ተከተላቸው ከተገለበጠ መሀል ላይ የሆነ ቦታ ተቋርጠዋል። ያንን ነጥብ ለማግኘት ከቀኑ እኩልታ የክሩን ቀንሺ፤ 3y ይጠፋና x = 12 ይቀራል፤ 12 + 3y = 36 ስለሆነ y = 8።

እስከ x = 12 ድረስ የሚያግደው ክሩ ነው። ከ12 በኋላ የሚያግደው ቀኑ ነው። ስለዚህ (18, 6) የነበረበት የሹል ጫፍ ተቆርጦ በቦታው ሁለት ማዕዘን ይተካል፣ (12, 8) እና (18, 4)።

ዘጠኙን በአምስቱም ገደብ ብታሳልፊያቸው የሚያልፉት (0, 2)፣ (18, 2)፣ (18, 4)፣ (12, 8) እና (0, 12) ናቸው። ትርፋቸው በቅደም ተከተል 1000፣ 4600፣ 5600፣ 6400 እና 6000 ብር። ቁልፉ ትክክል ነው።

ተፈታኝ_12

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ግን ወረቀቴ ላይ ሳየው የቀኑ መስመርና የክሩ መስመር ቀኝ በኩል ተለጣፊ ነው የሚመስሉት። ስኬሌ 1 ሴንቲ ሜትር ለ5 ነበር።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ፈተና ላይ ዘጠኝ ነጥብ በአምስት ገደብ ለመፈተን ጊዜ የለም። ከዘጠኙ ሳልጀምር ከግራፉ ላይ አምስቱን ባገኝ፣ አንድም እንዳልጎደለኝ በምን አውቃለሁ?

ጠመኔ

በዚያ ስኬል (18, 6) እና (18, 4) በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚራራቁት። በተቀረጸ እርሳስና በቀጥተኛ ማስመሪያ ካልሆነ አይለይም። 1 ሴንቲ ሜትር ለ2 ብታደርጊው ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከግራፉ የምትፈልጊው የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ከግራፍ አታንብቢ፣ እኩልታውን ፍቺ።

አንድ እንዳልጎደለሽ ማረጋገጫው ይህ ነው። ክልሉ ዙሪያውን የተዘጋ ከሆነ እያንዳንዱ ጎን ሁለት ጫፍ አለው። ስለዚህ ጎን የሆነ መስመር ሁሉ ከማዕዘኖችሽ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። በአጥር ዙሪያ እንደምትሄጂ አድርገሽ ዙሪ።

ከ(0, 2) ተነሺ። በ y = 2 ላይ ወደ ቀኝ ስትሄጂ x = 18 ያቆምሻል፣ (18, 2)። በ x = 18 ላይ ወደ ላይ ስትወጪ መጀመሪያ የሚያቆምሽ ማነው? ክሩ 6 ላይ፣ ቀኑ 4 ላይ ነው የሚጠብቅሽ። ቀድሞ የሚደርሰው ቀኑ ነው፣ (18, 4)። በቀኑ መስመር ወደ ግራ እየወጣሽ ስትሄጂ ክሩ ያቆምሻል፣ (12, 8)። በክሩ መስመር ስትቀጥዪ x = 0 ያቆምሻል፣ (0, 12)። ከዚያ በ x = 0 ወርደሽ የተነሳሽበት (0, 2) ትደርሻለሽ። ዙሪያው ገጠመ።

አንቺ የሠራሽው የመጀመሪያው ዝርዝርም ዙሪያው ይገጥማል፣ ይህንን አልደብቅሽም። (0, 2)፣ (18, 2)፣ (18, 6)፣ (0, 12) ብለሽ ብትዞሪ ትመለሻለሽ፤ የጎደለው የቀኑ መስመር ነው፤ አንድም ጊዜ አልታየም። አንድ መስመር ከዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የእውነት የማያስፈልግ ገደብ ነው፣ ወይ ረስተሽዋል። ለመለየት ያገኘሻቸውን ማዕዘኖች በሙሉ በዚያ በጠፋው ገደብ ፈትኛቸው። ሁሉም ካለፉ ገደቡ አያስፈልግም፣ ተዪው። አንዱ እንኳን ከወደቀ ያ መስመር ክልሉን ይቆርጣል። (18, 6) በቀኑ ገደብ ሲፈተን 36 + 18 = 54 ስለሚሆን፣ ከ48 በለጠ፣ ወደቀ። ዘጠኝ ነጥብ በአምስት ገደብ ሳይሆን አራት ነጥብ በአንድ ገደብ ነው የምትፈትኚው።

ሰባራ_ማስመሪያ

እሺ መምህር፣ 16 ጋቢዬን መልሻለሁ 😄 ግን አንድ ነገር ልጨምር። ተፈታኝ፣ የማቅለሙን ጉዳይ ቀላል ማድረጊያ አለ። ምልክቱ <= ከሆነ ከመስመሩ በታች ቀቢ፣ >= ከሆነ ከመስመሩ በላይ። ነጥብ መሞከር አያስፈልግም።

ጥሬ_ቁጥር

ሰባራ፣ ይኼኛውም ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ጥያቄ ላይ y ላለባቸው ገደቦች ይሠራል፤ የሚሠራው የ y ብዜት ፖዘቲቭ ስለሆነ ነው። x - 2y <= 4 ብትባል ግን ከታች ትቀባና ትሳሳታለህ። (0, 0)ን አስገባ፤ 0 <= 4 እውነት ነው። (0, 0) ደግሞ ከዚያ መስመር በላይ ነው ያለው፤ መስመሩ y አክሲስን -2 ላይ ነው የሚቆርጠው። y ን ለብቻው ስታወጣ በ-2 ስለምታካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

(0, 0)ን ሁሌም መጠቀምም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ልጅ "(0, 0) ያለበትን ወገን ቅባ" ብሎ በቃሉ ይይዛል። y >= 2 ላይ (0, 0) ስታስገባ 0 >= 2 ውሸት ነው፤ ስለዚህ የምትይዘው (0, 0) የሌለበትን ወገን ነው። መሞከሪያ ነጥቡ የሚነግርህ እውነት ወይም ውሸት ብቻ ነው። መስመሩ በራሱ በ(0, 0) የሚያልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ y <= 2x፣ እዚያ ላይ 0 <= 0 ስለሚሆን ምንም አይነግርህም፤ (1, 0) ወይም ሌላ ነጥብ ውሰድ።

እኔ ደግሞ የማይፈለገውን ወገን ነው የማጠቁረው። አምስት ገደብ ሲደራረብ የሚፈለገውን ከቀባህ አምስት ቀለም አንድ ላይ የተደራረበበትን ቦታ ስትፈልግ ዓይንህ ይጠፋል። የማይፈለገውን ካጠቆርክ ነጭ ሆኖ የቀረው ክልሉ ነው።

ሰባራ_ማስመሪያ

እኛ ጋ እንደዚያ ብትሠራ አራሚው ዜሮ ይሰጥሃል። መጽሐፉም የሚፈለገውን ነው የሚቀባው።

ጥሬ_ቁጥር

"ያልጠቆረው ክልሉ ነው" ብለህ አጠገቡ ጻፍበት። ካልጻፍክ አራሚው ልክ ነው።

ላም_አለኝ_በምድር

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኖ ቅልቅል የምትወያዩ መስሎኝ ነው የገባሁት፣ ሸማኔ ሆኖ አገኘሁት። ቢሆንም የኔም ጉዳይ ተመሳሳይ ይመስለኛል። ለወተት ላም ከጭዱ ሌላ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እሰጣለሁ። ፉርሽካው 15 በመቶ፣ ፋጉሎው 30 በመቶ ፕሮቲን አለው ብለን እንያዝ። ከሁለቱ በቀን ቢያንስ 0.9 ኪሎ ፕሮቲን እንዲገኝ እፈልጋለሁ፤ በጠቅላላው ደግሞ 4 ኪሎ ነው የምሰጣት። ፉርሽካ በኪሎ 18፣ ፋጉሎ 30 ብር ሒሳብ። የክልሉን ማዕዘን ለማግኘት ስሞክር ወደ ላይ ክፍት ሆኖ አልዘጋ አለኝ። ካልተዘጋ ማዕዘን የለውም ማለት ነው?

ጠመኔ

እርስዎ የገቡበት ቤት ትክክለኛው ነው፣ ሂሳቡ አንድ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ያጥሩልኝ፤ "4 ኪሎ ነው የምሰጣት" ያሉት ቢያንስ 4 ነው ወይስ ልክ 4? መልሱ በዚያ ላይ ይለያያል፤ ሁለቱንም ልሥራልዎ።

ፉርሽካው x፣ ፋጉሎው y ኪሎ ይሁን። የፕሮቲኑ ገደብ 0.15x + 0.30y >= 0.9 ነው፤ በ0.15 ሲካፈል x + 2y >= 6 ይሆናል።

ቢያንስ 4 ካሉ ሁለተኛው ገደብ x + y >= 4 ነው። ክልሉ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ክፍት ነው፤ ብዙ በሰጡ ቁጥር ሁለቱም ገደብ ይሟላሉና። ነገር ግን ከታች በኩል ማዕዘን አለው፣ ሦስት፦ (0, 4)፣ (2, 2) እና (6, 0)። ሁለት ተመሳሳይ ሐሰተኛ ነጥቦችም አሉ። (0, 3) ፕሮቲኑን ያሟላል፣ ኪሎው ግን 3 ብቻ ነው። (4, 0) ኪሎውን ያሟላል፣ ፕሮቲኑ ግን 0.6 ብቻ ነው። ሁለቱም ይወድቃሉ። ወጪው (0, 4) ላይ 120፣ (2, 2) ላይ 96፣ (6, 0) ላይ 108 ብር ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ኪሎ።

ክፍት ክልል ላይ ትልቁን ወጪ ቢጠይቁኝ መልስ የለውም፣ ማለቂያ የለውምና። ትንሹን ሲጠይቁኝ ግን፣ የሁለቱም ዋጋ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ መልሱ ከሦስቱ ማዕዘኖች አንዱ ላይ ይወድቃል።

ልክ 4 ካሉ ደግሞ x + y = 4 ሆነ። ክልሉ ስፋት የለውም፤ ከ(2, 2) እስከ (0, 4) ያለው የመስመር ቁራጭ ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ የቁራጩ ሁለት ጫፎች ናቸው። መልሱ ዛሬ ባሉት ዋጋ ያው (2, 2) ነው። ልዩነቱ የሚታየው ፉርሽካ ሲረክስ ነው። ፋጉሎው 30 ብር እንዳለ ፉርሽካው ከ15 ብር በታች ከወረደ፣ በ"ቢያንስ" ሒሳብ 6 ኪሎ ፉርሽካ ብቻ መስጠት ይረክሳል። በ"ልክ 4" ሒሳብ ግን 6 ኪሎ የሚባል ምርጫ የለም፤ ከ(2, 2) መውጣት አይችሉም።

ላም_አለኝ_በምድር

ቢያንስ ነው እንጂ ልክ አይደለም። 6 ኪሎ ፉርሽካ ግን ከጭዱ ጋር አትጨርሰውም።

ጠመኔ

እንግዲያው ያልነገሩኝ ሦስተኛ ገደብ አለዎት ማለት ነው፣ x + y <= 5 ወይም የሚያውቁት ሌላ ቁጥር። እሱን ሲጨምሩ ክልሉ ይዘጋል። በ5 ከዘጉት (6, 0) ይጠፋና በምትኩ (4, 1) እና (0, 5) ይመጣሉ። (4, 1) ላይ 72 + 30 = 102 ብር ነው።

ኮድ_ፈታይ

ዘጠኙን በእጅ መፈተን ለሰለቸው። ሁሉም ገደብ ወደ <= መገልበጥ አለበት፤ y >= 2 የነበረው -y <= -2 ሆኖ ነው የገባው፣ x >= 0 ደግሞ -x <= 0።

```python
from fractions import Fraction as F
from itertools import combinations

# a*x + b*y <= c
L = [(1,3,36), (2,3,48), (1,0,18), (0,-1,-2), (-1,0,0)]

for (a,b,c), (d,e,f) in combinations(L, 2):
    det = a*e - b*d
    if det == 0:
        continue
    x, y = F(c*e - b*f, det), F(a*f - c*d, det)
    if all(p*x + q*y <= r for p, q, r in L):
        print(x, y)
```

የሚያወጣው 12 8፣ 0 12፣ 18 4፣ 18 2፣ 0 2 ነው። በ Fraction የሠራሁት ሆን ብዬ ነው። ማዕዘኑ የሚወድቀው ልክ መስመሩ ላይ ስለሆነ በተራ ነጥብ ያለው ቁጥር ከሠራችሁ 36 መሆን የነበረበት 36.00000000000001 ሊሆንና እውነተኛው ማዕዘን "ጥሰሃል" ተብሎ ሊጣል ይችላል። ኮዱ ውስጥ 0.5 ወይም 1.5 አታስገቡ፤ ስሕተት ብሎ ይቆማል። ተፈታኝ እንዳደረገችው አስቀድማችሁ አባዙት።

ተፈታኝ_12

ኮዱን ሞከርኩት፣ ይሠራል። x <= 18 የሚለውን ወደ x <= 12 ቀየርኩትና 12 8 ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አወጣልኝ። ተበላሸ?

ኮድ_ፈታይ

አልተበላሸም። ሦስት መስመር በአንድ ነጥብ ሲያልፍ ሦስት ጥንድ አለ፣ ሦስቱም ያንኑ ነጥብ ይሰጣሉ። ውጤቱን `set` ውስጥ ብታከማቺው አንዴ ብቻ ይቀራል።

ጠመኔ

ተፈታኝ ሳታስበው ጥሩ ነገር ነው የነካችው። x <= 12 እና x + 3y <= 36 ን ደምሪያቸው። በግራ 2x + 3y፣ በቀኝ 48 ይመጣል። የቀኑ ገደብ ራሱ ነው! ስለዚህ ሁለቱን ያከበረ ሸማኔ ቀኑን ሳያስበው ያከብረዋል። የቀኑ መስመር (12, 8)ን በጫፉ ነክቶ ያልፋል እንጂ ጎን አይሆንም። ቀድሞ "ጎን የሆነ መስመር ሁለት ጊዜ ይታያል" ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው፤ የቀኑ መስመር አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ስለታየ አንድ ማዕዘን የጎደለሽ ሊመስልሽ ይችላል። አልጎደለም። አራት ማዕዘን ነው ያለው፣ (0, 2)፣ (12, 2)፣ (12, 8)፣ (0, 12)።

ጥሬ_ቁጥር

ይህ ጥያቄ ማዕዘኖቹ ሁሉ ሙሉ ቁጥር እንዲሆኑ ተመቻችቶ የተሠራ ነው። ክሩን ከ18 ወደ 17 ኪሎ ብቻ ዝቅ አድርጉት። የክሩ ገደብ x + 3y <= 34 ይሆናል። ከቀኑ ጋር ሲገናኝ x = 14፣ y = 20/3፣ ማለትም 6.67 ገደማ። ሁለት ሦስተኛ ጋቢ ማን ይገዛል?

ልጆች የሚያደርጉት ማጠጋጋት ነው። ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ (14, 7)፣ ክሩ 14 + 21 = 35 ሆኖ ከ34 ይበልጣል። ወደ ታች ካጠጋጋችሁ (14, 6)፣ ይፈቀዳል፣ ትርፉ 5800። ብዙው ሰው እዚህ ያቆማል። ነገር ግን (13, 7)ን ሞክሩ፤ ክሩ 13 + 21 = 34፣ ቀኑ 26 + 21 = 47፣ ሁለቱም ያልፋሉ፣ ትርፉ 6100 ብር። በማጠጋጋት 300 ብር ይጠፋል። ከዚህ የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር እንደሌለ ደግሞ ሳትዞሩ ታውቃላችሁ። የማዕዘኑ ትርፍ 6133 ብር ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ማንም አይደርስም። 200 እና 500 በሙሉ ቁጥር ሲባዙ ድምሩ ሁሌም የ100 ብዜት ነው። ከ6133 በታች ትልቁ የ100 ብዜት 6100 ነው።

ስለዚህ "መልሱ ማዕዘን ላይ ነው" የሚለው ሕግ ለሙሉ ቁጥር አይሠራም። የጨርቅ፣ የወንበር፣ የበግ ጥያቄ ሲሆን ማዕዘን መፈለግ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ጠመኔ

ሒሳቡ ላይ ምንም የምለው የለኝም፣ (13, 7) ትክክል ነው። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ሸማኔው ወሩ ሲያልቅ ጋቢውን ከእቃው ላይ አውርዶ አይጥለውም። ሁለት ሦስተኛ የደረሰው ጋቢ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። y = 20/3 ማለት በሦስት ወር 20 ጋቢ ማለት ነው፣ ከ42 ነጠላ ጋር። ክሩ በሦስት ወር 21 + 30 = 51 ኪሎ፣ ልክ 3 ጊዜ 17። ቀኑ 42 + 30 = 72፣ ልክ 3 ጊዜ 24። እንደ ወርሃዊ አማካይ ካየነው ማዕዘኑ ራሱ ትክክለኛው መልስ ነው።

ጥሬ_ቁጥር

ጥያቄው "በወር" ካለ በወር ነው መምህር። ክሩም በየወሩ ነው የሚመጣለት፤ 17 ኪሎው ካለቀ በኋላ ግማሽ ላይ የቆመውን ጋቢ በምን ክር ይቀጥለዋል? በሚቀጥለው ወር ክር ካሉኝ ያኛውን ወር ጎዱት።

ጠመኔ

አልጎዳሁትም፤ ለዚያ ወር የሚያስፈልገውን ከራሱ 17 ኪሎ ነው የቆጠርኩት። በመጀመሪያው ወር ለስድስት ሙሉና ለአንድ ሁለት ሦስተኛ ጋቢ 10 ኪሎ ሄደ፣ ለ14 ነጠላ 7 ኪሎ። በሁለተኛው ወር ደግሞ የቀረውን አንድ ሦስተኛ ከአዲሱ ክር ይጨርሳል።

ጥሬ_ቁጥር

ትርፉን ግን የሚያገኘው ጋቢው ሲሸጥ ነው። የመጀመሪያው ወር ገቢ 14 ነጠላና 6 ጋቢ ነው፣ 5800። የኔው 6100 ይሻላል።

ተፈታኝ_12

ሁለታችሁም ልክ መሰላችሁኝ 😅 ወርክሺቱ "ሙሉ ቁጥር" የሚል ቃል የለበትም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። ሐ ላይ "የጋቢው ትርፍ 600 ብር ቢሆን" ይላል። (12, 8) ላይ 7200 አገኘሁ፣ (0, 12) ላይም 7200። የትኛውን ልጻፍ?

ጠመኔ

ሁለቱንም፣ በመካከላቸው ያለውን የክር መስመር ቁራጭም ጨምረሽ። ነጠላው 200፣ ጋቢው 600 ሲሆን የትርፉ ጥምርታ 1 ለ 3 ነው፣ ከክሩ ፍጆታ ጋር አንድ ዓይነት። ስለዚህ ክሩን በሙሉ እስከተጠቀመና በሁለቱ ነጥቦች መካከል እስከሆነ ድረስ የትኛውንም ቢሠራ ያው ነው፤ (6, 10)ን ሞክሪው፣ 1200 + 6000 = 7200።

ከዚሁ ሌላም ነገር ይወጣል። ነጠላው 200 እንዳለ፣ የጋቢው ትርፍ ከ300 እስከ 600 ባለው ውስጥ እስከሆነ ድረስ (12, 8) ከመልስነት አይወርድም። 300 ላይ ከ(18, 4) ጋር እኩል ይሆናል፣ ሁለቱም 4800። ከ300 ሲወርድ ወደ (18, 4) ትሄጃለሽ፣ ከ600 ሲያልፍ ወደ (0, 12)። መ እና ሠ ላይም ዋጋውን እየቀያየሩ የሚጠይቁሽ ከሆነ ማዕዘኖቹን እንደገና አትፈልጊ፤ ክልሉ አልተለወጠም።

ላም_አለኝ_በምድር

መምህር፣ በቆሎ ብጨምርበትስ? ሦስት ዓይነት ሲሆን ግራፉን እንዴት ነው የምሠራው?

ጠመኔ

በወረቀት አይሠራም፤ ክልሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ይቀርና እንደ ድንጋይ ባለ ብዙ ፊት ይሆናል፣ ማዕዘኑም የሦስት ገጽ መገናኛ ነው። ሦስት ሦስት እኩልታ እያነሡ መፍታትና በቀሩት ገደቦች ሁሉ መፈተን ነው። የበቆሎውን ፕሮቲንና ዋጋ፣ ላሟ ልትጨርሰው የምትችለውን ከፍተኛ ኪሎም አብረው ይጻፉልኝ።

ኮድ_ፈታይ

ቁጥሮቹን ሲልኩ ኮዱን ለሦስት ዓይነት አድርጌ እለጥፍልዎታለሁ፤ ይሄኛው ለሁለት ብቻ ነው።